በአንጎፍ ዘዴ የፈተና ማለፊያ ነጥብ ከመምህራን ጋር እንዴት ይወሰናል?

«ማለፊያው ስንት ይሁን?» ሲባል አብዛኛው መምህር ዓይኑን ሳያሽ «50» ይላል። ለምን 50 እንደሆነ ብትጠይቁት ግን መልሱ ያው ነው፤ ግማሽ ስለሆነ። ፈተናው ቀላል ከሆነ 50 ያልተማረውም ሊያገኘው ይችላል። ከባድ ከሆነ ደግሞ ደህና የተማረውም ላይደርስበት ይችላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን ያለፈው ተማሪ 3.3 በመቶ ገደማ ነበር። ይህን ቁጥር ሰምቶ «ተማሪው ነው ወይስ ፈተናው?» ብሎ ያልተከራከረ ሰው የለም። ቁጥሩ ብቻውን ግን ክርክሩን አይፈታውም።

የአንጎፍ ዘዴ የሚነሳው ከጥያቄዎቹ ነው። ትምህርቱን የሚያስተምሩ መምህራን ተሰብስበው ፈተናውን ጥያቄ በጥያቄ ያዩታል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ለጥቂት የሚያልፍ ተማሪ ይህን የመመለስ ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ብለው ይገምታሉ። ግምቶቹ ሲደመሩ ማለፊያውን ይሰጣሉ። ፈተናው ሲከብድ ማለፊያው ይወርዳል፤ ሲቀል ይወጣል። ዘዴው ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የፈተና ባለሙያ ዊሊያም አንጎፍ ነው። ሰውየው በ1971 እ.ኤ.አ. በጻፈው ረጅም ምዕራፍ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሰጠው ቦታ በጣም ጥቂት ነው። ዛሬ በብዛት የምንሠራበት በመቶኛ የመገመቱ አሠራር ደግሞ የተጠቀሰው በግርጌ ማስታወሻ ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በአንድ ጉድኝት ያሉ ትምህርት ቤቶች ለ7ኛ ክፍል የጋራ የሒሳብ ፈተና አዘጋጅተዋል እንበል። ጥያቄዎቹ 40 ናቸው፤ ሁሉም ባለ አራት ምርጫ። የተፈተኑት 240 ተማሪዎች ናቸው። ማለፊያውን ያላገኘ ልጅ ክረምት ላይ የማጠናከሪያ ትምህርት ይወስዳል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያህል እኔው ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

1. ሰዎቹን ምረጡ

ስምንት መምህራን ይበቃሉ። ከአምስት በታች ከሆኑ የአንድ ሰው አመለካከት ውጤቱን ይጎትተዋል። ከአሥራ ሁለት በላይ ከሆኑ ደግሞ ውይይቱ አያልቅም። አብዛኞቹ አሁን 7ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩ ይሁኑ። አንድ ወይም ሁለት ከ8ኛ ክፍል ጨምሩ፤ ልጁ ምን ሳይችል እንደሚመጣባቸው በደንብ ያውቃሉና። ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አትሰብስቡ።

ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ገማች ሆነው አይቀመጡ። ክፋት ስላለባቸው አይደለም። አለቃ 80 ካለ ከሥሩ ያለ ሰው 45 ለማለት ይከብደዋል። ፈተናውን ያወጣው መምህርም ቢሆን ለማብራሪያ ይገኝ እንጂ አይገምት፤ የራሱ ጥያቄ ለራሱ ሁልጊዜ ግልጽ ነው። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ደግሞ ራሱ አይገምትም፤ ሥራው መጠየቅና ሰዓት መጠበቅ ነው።

2. ለጥቂት የሚያልፈውን ልጅ በወረቀት አስፍሩት

ጊዜያችሁን የምታፈሱበት ደረጃ ይህ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ አይቆጫችሁ። ዘዴው የሚበላሸው በስሌት ሳይሆን እዚህ ጋ ነው።

«ለጥቂት የሚያልፍ ተማሪ» ስትሉ መምህሩ ወዲያው መካከለኛ ተማሪውን ያስባል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የምንፈልገው ልጅ ማለፍ ከማይገባቸው ልጆች በአንድ ክር የሚበልጠው ነው። «ይኼስ ይለፍ፤ ግን ትንሽ ቢያንስ ኖሮ አላሳልፈውም ነበር» የምትሉት ዓይነት። መምህራኑን ከክፍላቸው ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆችን በልባቸው እንዲያስቡ ጠይቋቸው። ስም መጥራት አያስፈልግም። ከዚያ እነዚያ ልጆች የሚችሉትንና የሚያቅታቸውን በሰሌዳ ላይ ጻፉ።

«መሠረታዊ ስሌት ይችላል» የሚል መግለጫ ለማንም አይጠቅምም፤ ሁሉም በየልቡ የየራሱን ይሞላበታል። በምሳሌያችን መምህራኑ የደረሱበት መግለጫ በከፊል እንዲህ ይላል፦

- ታህታቸው አንድ የሆኑ ክፍልፋዮችን ይደምራል። ታህታቸው ሲለያይ ግማሹን ጊዜ ይሳሳታል።
- x + 7 = 12 ዓይነቱን ይፈታል። 3x − 5 = 10 ላይ ግን ይደናገራል።
- የአንድን ቁጥር 20 በመቶ ያሰላል። በቃላት ተጽፎ ሁለት እርምጃ የሚጠይቅ ሲሆን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ይቆማል።
- የአራት ማዕዘን ዙሪያና ስፋት ያሰላል፤ ሁለቱን ግን አልፎ አልፎ ያቀያይራቸዋል።

በእያንዳንዱ መስመር የሚችለውም የሚያቅተውም እንዳለ ልብ በሉ። መግለጫው ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳው አይጠፋም። ለእያንዳንዱም ገማች አንድ ኮፒ ይሰጠው።

3. መምህራኑ ራሳቸው ይፈተኑ

መልሱን ሳትሰጡ ፈተናውን አሠሯቸው፤ ያውም በተማሪው ሰዓት። አንዳንዱ ቅር ሊለው ይችላል፤ ወረቀቱን ማንም እንደማያርመው አስቀድማችሁ ንገሩ። መልሱን አይቶ ጥያቄ የሚያነብ ሰው ጥያቄው ቀላል ይመስለዋል። ራሱ ሲሠራው ግን የት ላይ ቆም እንዳለ፣ የትኛው ምርጫ እንደሸወደው ያየዋል። ሁለት መልስ ያለው ወይም የተሳሳተ ጥያቄም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ከመገመት በፊት ከፈተናው አውጡት። መልሱ የሚታደለው ከዚህ በኋላ ነው።

4. ተለማመዱ

ከፈተናው ውጭ የሆኑ አራት አምስት ጥያቄዎች ውሰዱ። ጥያቄውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል አቅርቡ፦ «እንደዚህ መግለጫ ያሉ 100 ልጆች ቢፈተኑ ስንቱ በትክክል ይመልሱታል?» «ዕድሉ ስንት ነው?» ከሚለው ይልቅ ይህ ይቀላል። መምህር ልጆችን መቁጠር ለምዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መለየት አለበት። የምንጠይቀው ይመልሱታል ወይ ነው፤ ሊመልሱት ይገባል ወይ አይደለም። «ይኼንንማ ማወቅ አለባቸው!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሰውየው የሚገምተው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ሳትታክቱ ወደ ጥያቄው መልሱት። ምሳ እስኪደርስ ደጋግማችሁ ትሉታላችሁ።

ሌላው የግምት ወለል ነው። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄን ምንም የማያውቅ ልጅም ከ100 ጊዜ 25 ጊዜ ያህል ያገኘዋል። ስለዚህ ከ25 በታች የሚጽፍ ሰው ምክንያት ይኑረው። ምክንያት ሊኖርም ይችላል፤ በጣም የሚያሳስት ምርጫ ሲኖር ደካማው ልጅ በጭፍን ከሚመርጠው ልጅ በታች ይወድቃል።

5. የመጀመሪያው ዙር

ሁሉም ለብቻው፣ በዝምታ፣ በወረቀት ይገምታል። መነጋገር የለም፤ የጎረቤትን ወረቀት ማየትም የለም። ለአንድ ጥያቄ አንድ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው፤ 40 ጥያቄ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በየአሥሩ ጥያቄ ዕረፍት ስጡና መግለጫውን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ሰው ሲደክመው የሚያስበው ልጅ ቀስ በቀስ ጎበዝ እየሆነ ይሄዳል።

ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ ወደ ኤክሴል አስገቡ። ጥያቄዎቹ ከ2ኛ እስከ 41ኛ ረድፍ፣ ስምንቱ መምህራን ከ B እስከ I ይሁኑ። የየጥያቄው አማካይ J ላይ ይወጣል። በ42ኛው ረድፍ የእያንዳንዱ መምህር ድምር ይቀመጣል፤ በመቶኛ ስለገመቱ ለ100 ይካፈላል፦

```
J2:   =AVERAGE(B2:I2)
B42:  =SUM(B2:B41)/100
J42:  =AVERAGE(B42:I42)
J43:  =STDEV.S(B42:I42)/SQRT(COUNT(B42:I42))
```

J2ን እስከ J41፣ B42ን ደግሞ እስከ I42 ትጎትቱታላችሁ። J42 የቡድኑ ማለፊያ ነው። J43 ደግሞ መደበኛ ስህተቱ ነው፤ ሌሎች ስምንት ተመሳሳይ መምህራን ብትሰበስቡ ቁጥሩ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል ይጠቁማል።

በምሳሌያችን የስምንቱ ድምር ከ40 እንዲህ ወጣ፦ 28፣ 26፣ 27፣ 17፣ 25፣ 33፣ 22፣ 26። አማካዩ 25.5 ነው። መደበኛ ስህተቱ 1.64 ነው። በ17 እና በ33 መካከል ያለውን ገደል ተመልከቱ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ልጅ እያሰቡ አይደለም።

6. ውይይት

ሁሉንም ጥያቄ ለማወያየት አትሞክሩ፤ ይመሻል። በትልቁና በትንሹ ግምት መካከል ከ30 በላይ ልዩነት ያለባቸውን ብቻ አንሱ። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። 14ኛው ጥያቄ ይህ ነው፦

«አንድ ነጋዴ በ800 ብር የገዛውን ጫማ 20 በመቶ አትርፎ ሸጠው። በስንት ብር ሸጠው? ሀ) 820 ለ) 960 ሐ) 640 መ) 160»

መልሱ ለ ነው። የመጀመሪያው ዙር ግምት 80፣ 75፣ 85፣ 40፣ 70፣ 90፣ 65፣ 75 ነበር፤ አማካዩ 72.5።

መሪው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የጻፉትን ብቻ ምክንያታቸውን ይጠይቃል። 90 ያሉት መምህርት «ትርፍና ኪሳራን እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነው ያስተማርነው፤ የመጽሐፉ ምሳሌ ራሱ ነው» ይላሉ። 40 ያለው ወጣት መምህር ደግሞ «ቲቸር፣ የኔዎቹ 20 በመቶውን ያሰሉታል። 160 ያገኛሉ። ከዚያ ምርጫው ላይ 160ን ሲያዩ "አገኘሁት" ብለው ያከቡታል፤ መደመሩን ይረሱታል» ይላል። መሪው ወገን አይዝም። «መግለጫችን ምን ይላል?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ሦስተኛውን መስመር ያነቡታል፦ «ሁለት እርምጃ የሚጠይቅ ሲሆን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ይቆማል።» ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም 160ን እንደገና ያየዋል።

መምህርቷ ያሰቡት ስለተማረው ነገር ነበር። ወጣቱ ያሰበው ልጁ እስክሪብቶ ይዞ ምን እንደሚያደርግ ነው። ጥሩ ውይይት ወደዚህ ሁለተኛው ይወስዳል። መሪው ግን «እንግዲህ ተስማማን፤ ስንት እንበል?» እንዳይል። መስማማት አይፈለግም። በየጥያቄው ድምፅ ተሰጥቶ አንድ ቁጥር ከተወሰነ ስምንት ግምት የነበረው አንድ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያሸንፈው አንጋፋው ነው።

ፈተናው ተሰጥቶ ከሆነ በዚህ ሰዓት ሌላ መረጃ ጨምሩ፤ ከተፈተኑት ሁሉ ስንት በመቶው ጥያቄውን እንዳገኘው። 14ኛውን ያገኙት 58 በመቶ ናቸው። መካከለኛውም ጎበዙም ተደምሮ 58 ከሆነ፣ ለጥቂት ከሚያልፉት 72.5 ያገኙታል ማለት ለማመን ይከብዳል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ከተፈተኑት አብዛኞቹ ከማለፊያው በታች ከሆኑ የእኛ ልጅ ከአማካዩ ሊበልጥም ይችላል። መምህራኑ ይህን ቁጥር እየገለበጡ እንዳይጽፉ አስጠንቅቁ፤ ያኔማ ግምቱ ሳይሆን የውጤት ዝርዝሩ ነው የሚወስነው። የተፈተኑት 30 ወይም 40 ልጆች ብቻ ከሆኑም ቁጥሩ ራሱ ስለሚዋዥቅ ብዙ አትመኩበት።

7. ሁለተኛው ዙር

እንደገና ለየብቻ፣ እንደገና በዝምታ። መቀየር የፈለገ ይቀይራል፤ ያልፈለገ ይተዋል። 14ኛው ጥያቄ አሁን 50፣ 55፣ 60፣ 40፣ 50፣ 60፣ 50፣ 55 ሆነ፤ አማካዩ 52.5። 40 ያለው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መብቱ ነው።

የስምንቱ አዲስ ድምር 20.5፣ 22፣ 21፣ 18.5፣ 21.5፣ 23.5፣ 20፣ 21 ነው። አማካዩ በትክክል 21 ሆነ። መደበኛ ስህተቱ ከ1.64 ወደ 0.52 ወርዷል። ከ40 ጥያቄ 21፣ ማለትም 52.5 በመቶ።

«ይኼው! ያው 50 አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በዚህ ፈተና ተጠጋግተዋል። የመጀመሪያውን ዙር ይዘን ብንቆም ኖሮ ግን 64 በመቶ እናስገባ ነበር።

8. ከመቀበላችሁ በፊት ፈትሹት

የእያንዳንዱን ጥያቄ ያገኙትን ተማሪዎች በመቶኛ K ላይ አስገቡና ይህን ስሩ፦

```
=CORREL(J2:J41,K2:K41)
```

መምህራኑ ከባዱን ከቀላሉ ለይተው ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ ራቅ ብሎ ወደ 1 ይጠጋል። የመጀመሪያውን ዙር ግምትም በተመሳሳይ መንገድ ፈትሹ፤ የጥያቄዎቹን ውጤት ሳያዩ የገመቱት ስለሆነ ይበልጥ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ማለፊያውን አታውጁ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው አንድ ሰው ለ40ውም ጥያቄ 60፣ 70፣ 65፣ 70 እያለ ሲወርድ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት በዓይን ማየት ይቻላል። ያ ሰው ጥያቄዎቹን አላነበበም፤ ወይም ማለፊያው ስንት እንዲሆን ቀድሞ ወስኖ ነው የመጣው።

የሚያልፈውን ልጅ ብዛት የምታሳዩት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ነው። በእኔ እምነት ቀድሞ ማሳየት ትልቅ ስህተት ነው፤ ሰው ከጥያቄው ወደ ብዛቱ ይዞራል። በምሳሌያችን 25.5 ቢሆን ልጁ 26 ማግኘት አለበት፤ ከ240 ልጆች የሚያልፉት 82 ይሆኑ ነበር። በ21 ግን 142 ያልፋሉ። ብዛቱ ጨርሶ የማይታመን ከሆነ ቡድኑ ወደ መግለጫው ተመልሶ አንድ ዙር ሊጨምር ይችላል። ምክንያቱ ግን በጽሑፍ ይቀመጥ።

9. ውሳኔው የማን ነው?

መምህራኑ ሐሳብ ያቀርባሉ። የሚወስነው ፈተናውን ያዘዘው አካል ነው፤ እዚህ ላይ የጉድኝቱ ኮሚቴ። ለኮሚቴው «21» ብላችሁ አንድ ቁጥር ብቻ አትስጡ። የመደበኛ ስህተቱን እጥፍ ወደ ታችና ወደ ላይ ብትወስዱ ከ20 እስከ 22 ገደማ ይሆናል። በዚህ መካከል የሚመረጠው የትኛው ስህተት የበለጠ ይጎዳል በሚለው ነው። በምሳሌያችን የወደቀ ልጅ የሚያጣው የክረምት ጥቂት ሳምንት ነው፤ በስህተት ያለፈው ግን 8ኛ ክፍል ላይ ይሰቃያል። ስለዚህ ኮሚቴው 22 ቢል ያስኬዳል። መውደቅ ክፍል መድገም ቢሆን ኖሮ እኔ 20ን እመርጥ ነበር። አማካዩ 21.4 ዓይነት ሆኖ ቢመጣ ወደ ላይ ይጠጋ ወይስ ወደ ታች የሚለውንም ውጤቱ ሳይታይ በፊት ወስኑ።

ቀኑ ካልበቃ

አጠር ያለ መንገድ አለ። በመቶኛ ፋንታ «ይመልሰዋል» ወይም «አይመልሰውም» ብቻ ያስጽፋሉ፤ 1 እና 0። ለመምህሩ ይቀላል፣ ፈጣንም ነው። አደጋው ግን ይህ ነው፦ የልጁ ዕድል 60 በመቶ የሆነበት ጥያቄ ሁሉ 1 ሆኖ ይቆጠራል። 40ውም ጥያቄ እንዲህ ቢሆን በመቶኛ ሲሠራ 24 የሚመጣው በዚህ መንገድ 40 ይሆናል። 40ውም ጥያቄ 40 በመቶ ላይ ቢሆን ደግሞ ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ ይህን የምጠቀመው ፈተናው በጣም ቀላልም በጣም ከባድም ጥያቄ አደባልቆ ሲይዝ ብቻ ነው። አብዛኛው ጥያቄ መሐል ላይ ከሆነ አይሆንም።

ከውጤቱ በኋላ

ማለፊያው ከተወሰነ በኋላ አንድ ጥያቄ ስህተት ሆኖ ቢገኝና ቢሰረዝ፣ የእሱ አማካይ ግምትም ከድምሩ ይቀነሳል። 14ኛው ቢሰረዝ ከ21 ላይ 0.525 ይቀነስና ማለፊያው ከ39 ጥያቄ 20.475 ይሆናል፤ አስቀድማችሁ በወሰናችሁት መሠረት ታጠጋጉታላችሁ። 21ን እንዳለ መተው ልጆቹን መቅጣት ነው።

የዘንድሮውን 21 ለመጪው ዓመት ፈተና አታውሱት። ጥያቄዎቹ ሲቀየሩ ቁጥሩም ይቀየራል። የሚተላለፈው የልጁ መግለጫ ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ እስካልተለወጠ ድረስ ለሚቀጥለው ቡድን የጠዋቱን ሥራ በእጅጉ ያሳጥርለታል። ከመግለጫው ጋር የሁለቱንም ዙር ግምት የያዘውን የኤክሴል ፋይል፣ የገማቾቹን የማስተማር ልምድና የክፍል ደረጃ፣ ኮሚቴው 20 ወይም 22 ያለበትን ምክንያትም አብራችሁ ፋይል አድርጉ። ወላጅ «ልጄ 20 አምጥቶ ለምን ወደቀ?» ብሎ ሲመጣ የምታወጡት ይህንን ነው።